የጥምቀት ቪው በዝቶ ብሩ ለምን ያንሳል? የዩቲዩብ አርፒኤምን በአገር፣ በይዘትና በወቅት ለይቶ ገቢን አስቀድሞ የመገመት ዝርዝር መመሪያ

በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ከጎንደር ልጆች የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፣ "ቪው ሁለት እጥፍ ተኩል ሆነ ገቢው ግን ትንሽ ብቻ ነው የጨመረው፣ ዩቲዩብ ብሬን በላው ወይ?" የሚል። አልበላውም። ችግሩ ያለው ግምቱ ላይ ነው፣ ሰው የኅዳርን የሺህ ቪው ዋጋ ይዞ በጥር ቪው ያባዛዋል፣ በዛ ላይ ተመርኩዞ ካሜራ በዱቤ ይገዛል፣ ለካሜራማን ቃል ይገባል፣ ከዛ የካቲት ላይ ይደነግጣል። ይሄ ጽሁፍ ያንን ስሌት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚሰራ ነው የሚያሳየው። ሞኒታይዝ የሆነና ቢያንስ ሶስት አራት ወር የገቢ ዳታ ያለው ቻናል ላላችሁ ነው፣ ገና ላልጀመራችሁ አይጠቅምም።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ኮምፒውተር ያስፈልጋል። የስልኩ ስቱዲዮ አፕ ላይ የምንፈልገው ዝርዝር ስለማይገኝ የራሳችሁ ኮምፒውተር ከሌላችሁ ፒያሳ አካባቢ አንዱ ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ ስሩት፣ ስትጨርሱ ግን ከአካውንታችሁ መውጣታችሁን አረጋግጡ፣ ፓስወርድም ሴቭ አታድርጉ።

ሁለተኛ፣ ወራቱን በፈረንጅ ያዙ። ስቱዲዮ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፣ የኛ ጥር ደግሞ ከጃንዋሪ 9 አካባቢ ጀምሮ ፌብሩዋሪ ውስጥ ስለሚገባ ሁለቱን ካደባለቃችሁ የምታወዳድሩት ወር ከነጭራሹ ሌላ ይሆናል። ቀኑም የሚቀያየረው በአሜሪካ ፓሲፊክ ሰዓት ነው፣ በጃንዋሪ ይሄ ማለት ለኛ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው። ስለዚህ የከተራ ዕለት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የለቀቃችሁት ቪዲዮ የመጀመሪያ ሶስት ሰዓቱ ስቱዲዮ ላይ በፊተኛው ቀን ተቆጥሮ ብታዩት አትደናገጡ።

ሶስተኛ፣ ከረንሲውን ዶላር ላይ አድርጉት (`Settings` ከዛ `General`)። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ የብር ምንዛሬው በገበያ ስለሚንቀሳቀስ በብር ካሰላችሁ ማስታወቂያው ይጨምር ምንዛሬው ይጨምር መለየት አትችሉም። ወደ ብር የምትቀይሩት መጨረሻ ላይ፣ አንዴ ብቻ ነው።

## ደረጃ 1፦ የትኛውን ቁጥር እንደምታዩ ለዩ

ስቱዲዮ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፣ ሰው ሁሌ ያደባልቃቸዋል። `Playback-based CPM` የሚለው ማስታወቂያ የታየባቸውን 1,000 እይታዎች ወስዶ አስተዋዋቂዎች ስንት እንደከፈሉ ነው የሚያሳየው፣ የዩቲዩብ ድርሻ ገና አልተቀነሰም። `RPM` ግን የናንተን ገቢ፣ ድርሻው ከተቀነሰ በኋላ፣ ለጠቅላላ ቪው አካፍሎ በ1,000 ያበዛል፣ ማስታወቂያ ያልታየባቸው ቪዎች ራሱ እዛ ውስጥ ይቆጠራሉ። ለረጅም ቪዲዮ ከማስታወቂያው ገቢ ለናንተ የሚደርሰው 55% ነው።

ግምት የሚሰራው በአርፒኤም ነው፣ ሲፒኤምን ግን አትጣሉት፣ የሆነ ነገር ሲበላሽ ምክንያቱን የምታገኙት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ነው፣ ወደ መጨረሻው ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን `Analytics` ክፈቱ፣ `Revenue` ውስጥ ግቡ፣ ከዛ `Advanced mode`። ወሩን ምረጡ። ማጣሪያው ላይ የይዘት ዓይነቱን `Videos` ብቻ አድርጉ። ይሄን ማጣሪያ የዘለለ ሰው ቀጥሎ ያለው ስራው ሁሉ ከንቱ ነው፣ ምክንያቱም የሾርትስ ቪው በሳንቲም የሚቆጠር አርፒኤም ስላለው ከረጅሙ ጋር ሲቀላቀል አማካዩን መሬት ያወርደዋል። ላይቭም ለብቻው ይታያል። የጥምቀት ላይቭ ላይ ከውጭ አገር ሱፐር ቻት የሚላክላችሁ ከሆነ እሱም አርፒኤም ውስጥ ስለሚገባ ለብቻው በሌላ መስመር ጻፉት፣ የማስታወቂያ ዋጋ አይደለምና።

## ደረጃ 2፦ በአገር ከፋፍሉ

እዛው ገጽ ላይ `Geography` የሚለውን ምረጡና `Views`፣ `Estimated revenue` እና `RPM` የሚሉትን አምዶች አውጡ። ሙሉ የሆነ አንድ መደበኛ ወር ውሰዱ፣ ኖቬምበር ጥሩ ነው፣ የጥምቀት ግርግር የለበትም። መደበኛ ስል ግን ለቪው ነው እንጂ ለዋጋ አይደለም፣ የኖቬምበር ዋጋ ከፍ ያለ ስለሆነ ደረጃ 4 ላይ እናስተካክለዋለን።

ልዩነቱ ለምን እንደሚመጣ ካወቃችሁ ግምቱ ይቀላል። እያንዳንዱ የማስታወቂያ ቦታ ጨረታ ነው። ቨርጂኒያ የምትኖር አንዲት የጎንደር ልጅ የናንተን የዶሮ ወጥ ቪዲዮ ስትከፍት የመኪና ኢንሹራንስ፣ ባንክና ሱፐርማርኬት እሷን ለማግኘት ይጫረታሉ፣ ቪዲዮው በአማርኛ መሆኑ አያግዳቸውም፣ የሚፈልጉት እሷንና የምታወጣውን ገንዘብ ነው። ማራኪ ሰፈር ቁጭ ብሎ ያንኑ ቪዲዮ የሚያይ ልጅ ላይ ግን በኢንተርኔት ክፍያ ብዙም የማይገዛ ስለሆነ የሚጫረተው ጥቂት ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ ማስታወቂያ አይመጣለትም፣ ቪው ግን ተቆጥሯል።

ስለዚህ አገሮቹን በአምስት ረድፍ ሰብስቡ፣ ከዛ በላይ አታብዙ። ለአብዛኛው የጎንደር ቻናል የሚሆነው ኢትዮጵያ፣ የባህረ ሰላጤው አገሮች (ሳዑዲና ኤምሬትስ)፣ አሜሪካ፣ እስራኤል፣ ሌላው በሙሉ የሚለው ነው። እስራኤልን ለብቻ ያወጣሁት ከጎንደርና ከአካባቢዋ የሄደው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ የባህልና የምግብ ቪዲዮ ላይ ረድፏ ራሱን ችሎ የሚቆም ስለሚሆን ነው። የናንተ ቻናል ላይ ጀርመን ወይ ካናዳ ከበለጠ እሱን አውጡ።

እዚህ ጋ የሚበላሽ ነገር፦ የአገሮቹ ድምር ከጠቅላላው ጋር አይገጥምም። ዩቲዩብ ትንንሽ ረድፎችን ስለሚደብቅ ነው፣ ልዩነቱን "ሌላው" ውስጥ ጨምሩት። ሌላው ደግሞ ቪፒኤን ነው፣ ተመልካቹ ቪፒኤን ሲጠቀም ስቱዲዮ ላይ አገሩ ሌላ ሆኖ ይታያል። ብዙ ሰው የማይኖርበት አገር ድንገት ከላይ ወጥቶ አርፒኤሙ ግን ለዛ አገር ዝቅ ያለ ከሆነ እሱ ነው። ኢንተርኔት የተዘጋበትንም ወር መነሻ አታድርጉ። በ2023 ኦገስት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ የአገር ውስጥ ቪው የወደቀበት ቻናል አርፒኤሙ ጨምሮ ይታያል፣ የጨመረ ነገር ግን የለም፣ የቀረው ተመልካች ውጭ ያለው ብቻ ስለሆነ ነው።

## ደረጃ 3፦ ይዘቱን በአንድ አገር ውስጥ አወዳድሩ

"ሙዚቃ አይከፍልም፣ ምግብ ይከፍላል፣ ቢዝነስ ደግሞ በጣም ይከፍላል" የሚባለው ነገር ግማሹ እውነት ነው። እውነቱ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ቤት ግዢና ስለ ሶፍትዌር የሚያወራ ቪዲዮ ጋ አንድ ደንበኛ ብዙ ትርፍ የሚያመጣለት አስተዋዋቂ ስለሚመጣ ጨረታው ይወጣል። በተቃራኒው ለልጆች የተሰራ ተብሎ የተመዘገበ ቪዲዮ የተመልካቹን ፍላጎት ተከትሎ የሚመጣው ማስታወቂያ ስለማይፈቀድበት ዋጋው ይወርዳል፣ ግጭትና ሞት የሚያሳይ ደግሞ ቢጫ ምልክት አግኝቶ ብዙ አስተዋዋቂ ይሸሸዋል።

ሌላው ግማሽ ግን የይዘት ልዩነት የሚመስል የአገር ልዩነት ነው። እንዲህ ፈትሹት። `Advanced mode` ላይ የምግብ ቪዲዮዎቻችሁን በአንድ `Group`፣ የአዝማሪ ቪዲዮዎቻችሁን በሌላ `Group` አድርጉና መጀመሪያ በጠቅላላ እዩ፣ ቀጥሎ ማጣሪያው ላይ አሜሪካን ብቻ መርጣችሁ እዩ። ለምሳሌ በጠቅላላ ሲታይ ምግቡ 1.90 ዶላር አዝማሪው 0.60 ዶላር ከሆነና አሜሪካ ውስጥ ብቻ ሲታይ ግን 4.20 እና 3.60 ከሆነ፣ የአዝማሪው ይዘት ያን ያህል ርካሽ አይደለም ማለት ነው፣ የሚያየው ሰው አብዛኛው አገር ውስጥ ስለሆነ ነው። የቀረችውም ልዩነት ከርዝመት ልትመጣ ትችላለች፣ 8 ደቂቃና ከዛ በላይ የሆነ ቪዲዮ መሃል ላይ ማስታወቂያ ይገባበታል፣ የ4 ደቂቃ ዘፈን አይገባበትም።

ይሄን ሳይፈትሽ "አዝማሪ አይከፍልም" ብሎ የሚወደውን ስራ የተወ ሰው አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ማጣሪያ ነበር።

በአንድ አገር ውስጥ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ይዘትን ከስሌቱ አውጡት፣ በአገር ብቻ ቀጥሉ። ልዩነቱ እዛም ሰፊ ከሆነ ግን ለያንዳንዱ ይዘት የየራሱን ሰንጠረዥ ስሩ።

## ደረጃ 4፦ የወቅቱን ማባዣ አውጡ

የጎንደር ቻናል ጣጣ እዚህ ጋ ነው ያለው። የውጭ አስተዋዋቂዎች ትልቁን በጀታቸውን የሚያፈሱት ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው፣ በኖቬምበር መጨረሻ ያለው ትልቁ ቅናሽና የፈረንጅ ገና ስላለ። ዲሴምበር 25 ካለፈ በኋላ ይቀዘቅዛል፣ ጃንዋሪ ሲገባ የዓመቱ በጀት አዲስ ስለሆነ ሁሉም እጁን ይሰበስባል፣ ዋጋው ይወርዳል። የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው (የኛ ዘመን ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት 20)። ማለት የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ቆማችሁ የዓመቱን ትልቁን ቪው የምትሰበስቡት የሺህ ቪው ዋጋ ከዓመቱ ዝቅተኛው ሊባል በሚችልበት ሳምንት ነው።

ማባዣው የሚወጣው ቀላል ነው፣ ያለፈውን ዓመት የጃንዋሪ አርፒኤም ለኖቬምበሩ ማካፈል። ግን ሁለት ነገር ጠብቁ፣

1. ለየአገሩ ለብቻ አውጡ። በአሜሪካ የሚወድቀው መጠንና በኢትዮጵያ የሚወድቀው አንድ አይደለም፣ ኢትዮጵያ ላይ ከመጀመሪያውም ጨረታው ቀጭን ስለሆነ የሚወድቅበትም ብዙ ከፍታ የለውም።
2. በሁለቱም ወር ቪው የነበራቸውን የቆዩ ቪዲዮዎች ብቻ ተጠቀሙ። ዓመቱን ሙሉ የሚታይ የሽሮ ወይ የዶሮ ወጥ አሰራር ለዚህ ጥሩ ነው፣ በ`Group` ሰብስቧቸው። አዲስ የጥምቀት ቪዲዮ ከገባበት ወቅቱን ሳይሆን ይዘቱን ነው የምትለኩት።

ያለፈ ዓመት ዳታ ከሌላችሁስ? ዋጋው የሚወድቀው ገና ጃንዋሪ ሲጀምር ስለሆነ ከጥምቀት በፊት መለካት ትችላላችሁ። ከጃንዋሪ 2 እስከ 9 ያለውን አርፒኤም በአገር አውጡ፣ የገቢ ዳታ ሁለት ቀን ገደማ ስለሚዘገይ ጃንዋሪ 12 ላይ ይደርስላችኋል፣ እሱን ለኖቬምበሩ አካፍሉ። ያለፈ ዓመት ዳታ ያላችሁም ሰዎች ይሄን አድርጉት፣ ከባለፈው ዓመት ይልቅ የዘንድሮ ሳምንት ይታመናል።

ማስጠንቀቂያ ስለ ባህረ ሰላጤው፦ እዛ ትልቁ የማስታወቂያ ወቅት ረመዳን ነው፣ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። በ2025 የገባው ማርች 1 አካባቢ ነው፣ በ2026 ፌብሩዋሪ 18 አካባቢ። ስለዚህ የሳዑዲን ማርች ከባለፈው ማርች ጋር ዝም ብላችሁ አታወዳድሩ፣ የረመዳን ሳምንታትን ከረመዳን ሳምንታት ጋር አወዳድሩ። ዐቢይ ጾምም በዚያው ሰሞን ስለሚገባ የጾም ምግብ ለምትሰሩ የቪው ጭማሪውና የዋጋ ጭማሪው ሊገጣጠሙ ይችላሉ፣ በሰንጠረዡ ላይ ግን ቪው ቪው ጋ ዋጋ ዋጋ ጋ ይግባ።

## ደረጃ 5፦ አሁን አባዙት

አንድ የጎንደር የባህልና የምግብ ቻናል እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለስሌቱ የያዝኳቸው ናቸው፣ የናንተ ስቱዲዮ የራሱን ነው የሚያሳየው። ኖቬምበር ላይ 100,000 ቪው አግኝቶ 120 ዶላር ሰራ፣ አርፒኤሙ 1.20 ነው። በአገር ሲከፈል እንዲህ ነው፣

- ኢትዮጵያ 60,000 ቪው በ0.40፣ 24 ዶላር
- ባህረ ሰላጤ 15,000 ቪው በ1.20፣ 18 ዶላር
- አሜሪካ 15,000 ቪው በ4.00፣ 60 ዶላር
- እስራኤል 5,000 ቪው በ2.40፣ 12 ዶላር
- ሌላው 5,000 ቪው በ1.20፣ 6 ዶላር

ባለቤቱ በባለፈው ዓመት አካሄድ ለጃንዋሪ 250,000 ቪው ይጠብቃል። በተለመደው ስሌት 250 ሲባዛ በ1.20፣ 300 ዶላር። ይሄ ነው ሰው የሚሳሳተው።

በጥምቀት ጊዜ የሚጨምረው ማነው? አገር ውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ የጃንዋሪው ቪው ኢትዮጵያ 190,000፣ ባህረ ሰላጤ 25,000፣ አሜሪካ 22,000፣ እስራኤል 8,000፣ ሌላው 5,000 ሆኖ ይመጣል እንበል። ሰንጠረዡን ሺት ላይ አስገቡት፣ `B` ላይ የሚጠበቀው ቪው፣ `C` ላይ የኖቬምበሩ አርፒኤም፣ `D` ላይ የወቅት ማባዣው። ማባዣዎቹ ለኢትዮጵያ 0.85፣ ለአሜሪካ 0.65፣ ለሌሎቹ ሶስት 0.75 ወጥተዋል እንበል። ከዛ ይቺን ጻፉ፣

```
=SUMPRODUCT(B2:B6,C2:C6,D2:D6)/1000
```

ኢትዮጵያ 64.60፣ ባህረ ሰላጤ 22.50፣ አሜሪካ 57.20፣ እስራኤል 14.40፣ ሌላው 4.50፣ ድምር 163.20 ዶላር። አርፒኤሙ 0.65 ገደማ ነው። ከተጠበቀው 300 ጋር ሲተያይ ግማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ።

ቀጥላችሁ `D` ላይ ሁሉንም 1 አድርጉና ድጋሚ እዩት፣ 219.20 ይመጣል። ይሄ ጠቃሚ ነው፣ ምክንያቱም ከጎደለው 136.80 ዶላር ውስጥ 80.80ው የጎደለው የተመልካቹ አገር ስለተቀየረ ሲሆን 56ቱ ደግሞ በወቅቱ ምክንያት ነው። አያችሁ፣ አርፒኤሙ በግማሽ የወደቀ ቢመስልም አገር ውስጥ ያለው ተመልካች ምንም አልወሰደባችሁም፣ 40 ዶላር ገደማ ጨምሮላችኋል እንጂ፤ ወተት ላይ ውሃ ሲጨመር ወተቱ እንደማይቀንስ ሁሉ አማካዩ ነው የቀጠነው። ከአሜሪካ ግን ቪው ከ15,000 ወደ 22,000 ወጥቶም ገቢው ከ60 ወደ 57.20 ወርዷል፣ እሱ ነው ትክክለኛው የጃንዋሪ ጉዳት።

አንድ ቁጥር ይዛችሁ አትቁሙ። ቪው ከተገመተው 30% ቢያንስ 114.24፣ 30% ቢበልጥ 212.16 ይሆናል። ለወጪ የምትመድቡት በታችኛው ነው። ካሜራማን በቀን ሂሳብ ስትቀጥሩም ሆነ ከአዘዞ እስከ ከተማ ለመመላለስ መኪና ስትይዙ 114 ዶላር ይገባል ብላችሁ አስቡ።

## ደረጃ 6፦ ሾርትስን ለብቻ ገምቱ

አጭር ነው ይሄ። የሾርትስ ገቢ የሚመጣው ከአንድ የጋራ ቋት ነው፣ ለናንተ ከተመደበው 45% ይደርሳችኋል። ዘፈን ከተጠቀማችሁ ግን ገና ከመከፋፈሉ በፊት ይቀነሳል፣ አንድ ሙዚቃ ካለበት ከዛ ቪው የመጣው ግማሹ፣ ሁለት ካለበት ሁለት ሶስተኛው ለሙዚቃው ባለመብት ይሄዳል። የታቦት ሽኝት ሾርትስ በራሱ ድምፅ ይሻላል ማለት ነው። ያለፉትን ሶስት ወራት የሾርትስ አርፒኤም አውጡ፣ በሚጠበቀው ቪው አባዙት፣ በሌላ መስመር ጻፉት፣ በቃ። በሚሊዮን ቪው ከጠበቃችሁት ትንሽ ሲመጣ እንዳትገረሙ።

## ደረጃ 7፦ ግብርና የመክፈያ ቀን

ስቱዲዮ ላይ የምታዩት ቁጥር ከአሜሪካ ግብር በፊት ያለው ነው። አድሴንሱ የተመዘገበበት ሰው የአሜሪካ ነዋሪ ካልሆነና አገሩ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ከሌለው፣ ኢትዮጵያ የላትም፣ ከአሜሪካ ተመልካች ከመጣው ገቢ ላይ 30% ይቆረጣል። በምሳሌያችን 57.20 ላይ 17.16፣ የሚቀረው 146.04 ዶላር። የግብር መረጃውን ያልሞላ ግለሰብ ከሆነ ግን ከዓለም ሁሉ ከመጣው ገቢ 24% ሊቆረጥበት ይችላል፣ ስለዚህ አድሴንስ ላይ `W-8BEN` የሚለውን ፎርም ሞልታችሁ መጽደቁን ከጥምቀት በፊት እዩ።

የጃንዋሪው ገቢ የሚጸናው በፌብሩዋሪ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው፣ የሚላከው ከ21 እስከ 26 ባለው፣ በኛ የካቲት አጋማሽ ላይ። ያውም ሂሳቡ 100 ዶላር ከሞላ ነው። በታችኛው ግምት 114.24 ላይ የአሜሪካው ግብር ሲቀነስ 102 ዶላር ገደማ ነው የሚቀረው፣ ቪው ትንሽ ከዛ ቢያንስ ክፍያው ለሚቀጥለው ወር ያድራል። የዱቤ ቀነ ገደብ ስትስማሙ ይሄን አስቡ።

## ደረጃ 8፦ ወሩ ሲያልቅ አወዳድሩ፣ የተሳሳተውን ለዩ

ፌብሩዋሪ 5 ገደማ ሰንጠረዡን ክፈቱና የመጣውን ከገመታችሁት ጎን ጻፉ፣ በየአገሩ። መጀመሪያ የምታዩት ቪውን ነው። የየአገሩ አርፒኤም እንደገመታችሁት ሆኖ ቪው ብቻ ከተሳሳተ ሰንጠረዣችሁ ጤነኛ ነው፣ ለከርሞ የቪው ግምታችሁን አስተካክሉ።

አርፒኤሙ ከወደቀ `Playback-based CPM` ጋር አያይዛችሁ እዩት፣

ሁለቱም አብረው ከወደቁ አስተዋዋቂው ነው የቀነሰው፣ ማባዣችሁን ለሚቀጥለው ዓመት ዝቅ አድርጉ፣ ሌላ የምታደርጉት የለም።

ሲፒኤሙ ባለበት ቆሞ አርፒኤሙ ብቻ ከወደቀ ማስታወቂያ የሌለባቸው ቪዎች በዝተዋል። `Estimated monetized playbacks` የሚለውን ለጠቅላላ ቪው አካፍሉና ከኖቬምበር ጋር አወዳድሩ። ከዛ `Content` ገጽ ላይ `Restrictions` የሚለውን አምድ ቪዲዮ በቪዲዮ እዩ። በጥምቀት ጊዜ በጣም የተለመደው የኮፒራይት ክሌም ነው፣ ሰልፉን ስትቀርጹ ከጀርባ ድምፅ ማጉያው ያጫወተው የታተመ መዝሙር ይገባና የቪዲዮው ገቢ በሙሉ ለመዝሙሩ ባለመብት ይሄዳል፣ ቪው ግን የናንተ ላይ ይቆጠራል። 80,000 ቪው ያለው ቪዲዮ ዜሮ ገቢ አሳይቶ አርፒኤማችሁን ብቻውን ሊጥለው ይችላል።

ለዚህ መፍትሔው ከመልቀቃችሁ በፊት ነው። ቪዲዮውን መጀመሪያ `Private` አድርጋችሁ ጫኑ፣ `Checks` የሚለው እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ክሌም ከመጣ የተጠቀሰውን ደቂቃ ቆርጣችሁ ወይ ድምፁን አጥፍታችሁ ከዛ ልቀቁት። ከተለቀቀ በኋላ የመጣ ከሆነና ክሌሙ ስህተት ነው ብላችሁ በእርግጠኝነት ካመናችሁ ክርክሩን በ5 ቀን ውስጥ አቅርቡ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው ገቢ እስኪወሰን ተይዞ ይቆያል፣ ከ5 ቀን ካለፈ ግን የሚያዘው ክርክሩን ካቀረባችሁበት ቀን ጀምሮ ያለው ብቻ ነው። መብቱ የሌላ ሰው መሆኑን እያወቃችሁ አትከራከሩ፣ ቻናሉ ላይ ስትራይክ ሊያመጣ ይችላል።

አርፒኤሙ አንድ አገር ላይ ብቻ ከወደቀ የዛን አገር ቪዲዮዎች ዝርዝር አውጡ። ብዙ ጊዜ አንድ አጭር ቪዲዮ፣ ከ8 ደቂቃ በታች የሆነ፣ እዛ አገር ተሰራጭቶ ነው የሚገኘው። የከተራውን ሦስት የ5 ደቂቃ ቁራጭ ከመልቀቅ አንድ የ15 ደቂቃ አድርጎ መልቀቅ አሜሪካና እስራኤል ላሉት ተመልካቾች የተሻለ የሚከፍለው ለዚህ ነው፣ መሃል ላይ የሚገባውን ማስታወቂያ ግን ካህናቱ ወረብ የሚያቀርቡበት ላይ እንዳይወድቅ ቦታውን በእጃችሁ አስቀምጡት፣ እዛ ላይ የተቋረጠበት ሰው ቪዲዮውን ዘግቶ ይሄዳል።